ማውሱን ከ125 ወደ 8000 ሄርዝ ባሳድገው ጌም ላይ ለውጥ አለው?

የአዘዞው (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ። ካውንተር ስትራይክ 2 ስጫወት ማውሱን አዙሬው እይታው ዘግይቶ ነው የሚከተለኝ፤ ውሃ ውስጥ የማንቀሳቅሰው ነው የሚመስለኝ። ማውሱ ተራ የቢሮ ማውስ ነው፣ 125 ሄርዝ። ሞኒተሬ 60 ሄርዝ፣ ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ሲፒዩው አራተኛ ትውልድ አይ 5። ፒያሳ አንድ ሱቅ 8000 ሄርዝ ማውስ አለ፤ ሻጩ «ይሄን ከያዝክ በቃ» ይለኛል። ዋጋው ግን የዋዛ አይደለም። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ? ኪቦርዱስ?

ፋሲል ጌመር፦
ግዛው እንጂ! 8000ን ለ125 አካፍለው፣ 64 ይመጣል። 64 እጥፍ ፈጠነ ማለት ነው። እኔ ወደ 1000 ስቀይር እንኳ ወዲያው ነው የታወቀኝ፤ 8000 ምን እንደሚሆን አስበው።

የማራኪ ጌም ቤት፦
ልጄ፣ ማውሱን አትማ። እኛ ቤት ማታ ማታ ፒንጉ ሰማይ ሲነካ ልጆቹ ማውስ እየደበደቡ ይሳደባሉ። ዋይፋዩን ትተህ በኬብል ሞክር።

ጠጋኙ፦
ጋሼ፣ እሱ የሚለው ሌላ ነው። ፒንግ ሲበዛ የተኮስከው ዘግይቶ ይቆጠራል እንጂ እይታህ ስታዞረው አይዘገይም፤ ማዞሩ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚያልቀው። የአዘዞው፣ ለማረጋገጥ ከቦት ጋር ያለ ኢንተርኔት ተጫወት። እዚያም ከዘገየ ኔትወርኩ ነጻ ነው።

ፋሲል፣ 64 እጥፉ ልክ ነው፤ ግን የስንት ነገር 64 እጥፍ? 125 ሄርዝ ማውስ በየ8 ሚሊ ሰከንዱ ነው የሚጠየቀው፣ ስለዚህ እንቅስቃሴህ በአማካይ 4 ሚሊ ሰከንድ ይጠብቃል። በ1000 ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሦስት ተኩል አተረፍክ፣ ደህና ነው። ከ1000 ወደ 8000 ስትሄድ ግን የቀረህ ትርፍ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። የ60 ሄርዝ ሞኒተር ደግሞ አንድ ምስል ለመቀየር 16.7 ይፈጃል።

አንተ የታወቀህ ልዩነት ከመዘግየቱ ይልቅ ከመንገጫገጩ ይመስለኛል። በ60 ፍሬም 125 ሄርዝ ለአንዱ ፍሬም ሁለት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ሦስት መልእክት ያደርሳል፤ እጅህ እኩል እየሄደ እይታው እኩል አይሄድም። 1000 ላይ 16 ወይም 17 ስለሚሆን አይታወቅም።

የአዘዞው፣ «ውሃ ውስጥ» ያልከው ግን የ4 ሚሊ ሰከንድ ስሜት አይደለም። ቪዲዮ ሴቲንግ ውስጥ `Wait for Vertical Sync` በርቷል?

የአዘዞው፦
አዎ በርቷል፤ ምስሉ እንዳይቀደድ ብዬ ነው። ካርዱም 98፣ 99 በመቶ ላይ ነው የሚሠራው።

ጠጋኙ፦
እንግዲያው እዚያ ነው ያለው። ቪ-ሲንክ ሲበራ የተሠሩ ፍሬሞች የሞኒተሩን ተራ ይሰለፋሉ። ሁለት ከተሰለፉ 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ማውስ ቀይረህ የማታገኘው። አጥፋው። `NVIDIA Reflex Low Latency` ን `Enabled` አድርግ፣ ሪዞሉሽኑንም ካርዱ ትንፋሽ እስኪያገኝ ቀንሰው፤ ካርዱ 99 ላይ ሲሆን ሲፒዩው የሚልክለት ሥራም ይጠራቀማል። ምስሉ ትንሽ ይቀደዳል፣ እሱን ትችላለህ።

8000ውን ተወው። ሲፒዩው እያንዳንዱን መልእክት ሥራ አቋርጦ ነው የሚቀበለው፣ ይሄ ጌም ደግሞ ቀድሞውንም ሲፒዩ ይበላል። ማውሱን ስታቆም ፍሬሙ ደህና ሆኖ በፍጥነት ስታወዛውዘው ብቻ ከወረደ ምክንያቱ ይኼው ነው። ርካሽ ባለ 1000 ይበቃሃል። ሱቅ ውስጥ በመለኪያ ስታየው ግን ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሰው፤ በቀስታ ከገፋኸው ደህናውም ማውስ ትንሽ ቁጥር ያሳያል።

ፋሲል ጌመር፦
እሺ ሞኒተሩ 240 ቢሆንስ?

ጠጋኙ፦
ሲፒዩውም አዲስ ከሆነ አልከራከርህም። እሱ ግን 60 ነው ያለው።

የአዘዞው፦
አጠፋሁት፣ ሪዞሉሽኑንም አወረድኩት። ሌላ ኮምፒውተር ነው የሚመስለው! አሁንም በትንሹ ይንገጫገጫል፣ ስለዚህ ባለ 1000ውን እፈልጋለሁ። ኪቦርዱን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ጠጋኙ፦
ተራ ኪቦርድ ቁልፉ ሲጫን የሚነካካው ብረት ስለሚንቀጠቀጥ እስኪረጋ አንዳንዱ 5 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 8000 ተብሎ ቢጻፍም ፍጥነቱን የሚወስነው ያ ጥበቃ ነው።

የማራኪ ጌም ቤት፦
ልጆቹ ግን ያ ማግኔት ያለው፣ ጣትህን ገና ስታነሳ ቁልፉ የሚለቀው፣ ቆም ብሎ ለመተኮስ ይረዳል ይላሉ። ለሁለት ኮምፒውተር ላስመጣ አስቤ ነበር።

ጠጋኙ፦
እሱ ራፒድ ትሪገር ነው ጋሼ፤ ከፖሊንግ፣ ማለትም ከዚያ ሄርዝ ጋር አይገናኝም፣ ቁልፉ የሚለቅበትን ቦታ ነው የሚያሳጥረው። እኔ አልሞከርኩትም። ሲያስመጡ ግን ስናፕ ታፕ የሚሉትን፣ ሁለት ተቃራኒ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የኋለኛውን ብቻ የሚቀበለውን፣ አብሮ የሚመጣ ነገር ያጥፉት፤ የጌሙ ባለቤት ቫልቭ ከነሐሴ 2024 በፈረንጆች ወዲህ በራሱ ሰርቨሮች ላይ ያባርርበታል።

ፋሲል ጌመር፦
ጋሼ፣ ካስመጡት አንዱ ላይ እኔ ልሞክርበት። ከአሮጌው ጎን አስቀምጠን እናየዋለን።