ለጥርስ ሐኪሙ ስለ እናቴ ስኳር ምን ልንገረው?

የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች። የሦስት ወር አማካይ ስኳሯ ከ7.2 ወደ 8.9 ወጣ። ምግቧም መድኃኒቷም አልተለወጠም። ግን ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፤ አንድ የታች ጥርሷም ሲነኩት ይነቃነቃል።

ከፍ ያለ ስኳር ድድን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። የተቆጣ ድድ ደግሞ በተራው ኢንሱሊኑ በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ታዲያ የቱን እናስቀድም? ስኳሩ እስኪወርድ እንጠብቅ ወይስ ድዷ ይታከም?

ጥርሷ ከድድ ሥር የሚጠረግላት ጠዋት ነው። ለሐኪሙ የምርመራ ውጤቷን፣ የኢንሱሊኑን ዓይነትና ሰዓት፣ ስኳሯ ድንገት ወርዶባት እንደሚያውቅ፣ አስፒሪን እንደምትወስድም ጽፌያለሁ። የቀረ ነገር አለ?

ከሁሉ የጨነቀኝ ግን ይሄ ነው፤ አፏ ደንዝዞ መብላት ካቃታት የጠዋቱን ኢንሱሊን ምን እናድርገው?