እርግዝናና ሽታ፦ ቁሌት ሲሸተኝ ያስመልሰኛል፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ
ሰላም እህቶች። የ8 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ድሮ የምወደው የሽንኩርት ቁሌት አሁን ከጎረቤት ሲመጣ እንኳ ያስመልሰኛል። ቡና ሲቆላ ከቤት እወጣለሁ። የባለቤቴን ሽቶ ደብቄበታለሁ። አማቴ ግን «መቀማጠል ነው» ይሉኛል። ለምንድነው እንዲህ የሚሆነው?

የሁለት ልጆች እናት
ሆርሞን ነው የኔ ቆንጆ። አፍንጫሽ ከድሮው እጥፍ ድርብ ያሸታል፣ ሌላው የማይሸተው አንቺን ይሸትሻል። እኔን ቅቤ ሲነጠር ነበር የሚያስጠላኝ። 4ኛ ወሬን ስጨርስ ለቀቀኝ።

አዋላጅዋ
አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሆርሞን መሆኑ ልክ ነው። አፍንጫ እጥፍ ድርብ ይበረታል የሚለው ግን ሲፈተን ብዙም አልታየም፣ በጣም ደካማ ሽታ አቅርበው ሲሞክሩ አብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች እርጉዝ ካልሆኑት ያን ያህል አይበልጡም። በደንብ የሚለወጠው ሽታው የሚፈጥርብሽ ስሜት ነው። ከእንግዴ ልጅ የሚመነጭ ጂዲኤፍ 15 የሚባል ሆርሞን አንጎል ውስጥ ያለውን የማቅለሽለሽ ቦታ ይነካል። ሆድሽ ቀድሞ ስለታወከ ትንሽ ሽታ ይበቃዋል። ስለዚህ መቀማጠል አይደለም፣ ለአማትሽም እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው።

ቁሌትና ቡና የሚብሱት ሙቀት ሽታውን ስለሚበትነው ነው። አንቺ በሌለሽበት ሰው የሁለት ሦስት ቀን ቁሌት አንዴ ይስራልሽና ፍሪጅ ይግባ። ምግብም ቀዝቀዝ ሲል ብዪ። ባዶ ሆድ ያባብሰዋል፣ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሺ ደረቅ ዳቦ ቅመሺ።

ውሃ እንኳ ካልረጋልሽ፣ ሽንትሽ ካነሰና ከጠቆረ፣ ወይ ክብደትሽ ከቀነሰ ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ሰላማዊት
ቤቱ ሲሸት እኮ ዕጣን ማጨስ ነው፣ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ጠያቂ
እህቴ፣ ዕጣኑ ራሱም አላስቀምጥ ብሎኛል።

አዋላጅዋ
ዕጣንም ቡናም በከሰል ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በተዘጋ ቤት ራስ ምታትና ማዞር ከመጣብሽ ከሽታው ነው ብለሽ አትተዪው። የከሰሉ ጋዝ አይሸትም፣ ፅንሱንም ይጎዳል። ቶሎ ውጪ፣ ከሰሉም ውጭ ይውጣ። ቢሻልሽም ለፅንሱ ሲባል ሐኪም ቤት ሂጂ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኔ አሜሪካ ነኝ። በመጀመሪያው እርግዝናዬ የፍሪጅ በር ሲከፈት ነበር፣ በ15 ሳምንት ጠፋ። በሁለተኛው ደግሞ የልብስ ሳሙና ሆነና እስክወልድ አልለቀቀኝም። ሐኪሜን ለምን ተለየ ብዬ ብጠይቃት ቁርጥ ያለ መልስ አልነበራትም። ሽታ የሌለው ሳሙና ገዝቼ አንሶላውን ሁሉ ደግሜ አጠብኩ፣ ያኔ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጠያቂ (ከ4 ቀን በኋላ)
እህቴ ቁሌቱን ሰራችልኝ። ትናንት የቀዘቀዘ ሽሮ በልቼ አላስመለሰኝም። አማቴም ቡናውን በረንዳ ላይ መቁላት ጀምረዋል። ሽቶው ግን እስካሁን እንደተደበቀ ነው።