የዕቅድ ውይይት፦ ቁጥር ይዞ መዛወር «ተጠናቀቀ» የሚባለው መቼ ነው? (የጋራ ሐሳባችን አንቀጽ 3)

ሰሎሞን (የማኅበሩ ጸሐፊ)

የተከበራችሁ አባላት፣ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ከአንቀጽ 3 በቀር ተጠናቋል። አንቀጹ አሁን ባለው ረቂቅ እንዲህ ይነበባል፦ «ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ወደ ሌላ ኦፕሬተር ለመዛወር ከተስማማ በኋላ ዝውውሩ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይጠናቀቃል።» የአንድ ቀኑን ገደብ የወሰድነው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጣው መመሪያ ስለሆነ በእርሱ ላይ ክርክር ይነሣል ብዬ አልጠብቅም። እኔን ያስቸገረኝ «ይጠናቀቃል» የሚለው ቃል ነው። ኦፕሬተሮቹ ዝውውሩን ጨርሰናል የሚሉት አዲሱ ሲም ካርድ ሥራ ሲጀምር ነው፤ ከአባሎቻችን የመጡት ቅሬታዎች ግን አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። እባካችሁ በዚህ ላይ ብቻ አስተያየት ስጡ።

አስቴር

የእኔ ጉዳይ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አዲሱ ሲም አመሻሽ ላይ ሠራ፣ ወደ ልጄም ደወልሁበት፣ ወዲያውም «ዝውውርዎ ተጠናቋል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን በድሮው ኦፕሬተሬ የሚጠቀሙ ደንበኞቼ ሁሉ ሲደውሉልኝ «ስልኩ ጠፍቷል» ይባላሉ፤ እኔ ስደውልላቸው ግን ያለ ምንም ችግር እናወራለን። በሦስተኛው ኦፕሬተር የሚጠቀሙት ያገኙኛል። የባንክ ማረጋገጫ ኮድም አልመጣልኝ አለ። ሲሙ ተበላሽቶ ይሆናል እየተባልሁ ሁለት ጊዜ አስቀየርሁ፣ ስልኩንም ቀየርሁ፣ ለውጥ አልነበረም። በስድስተኛው ቀን ማንም ምን እንዳደረገ ሳይነግረኝ ተስተካከለ።

ግርማ

ለወይዘሮ አስቴር አዝናለሁ፤ ነገር ግን አንቀጹን ባናወሳስበው ይሻላል ባይ ነኝ። ቁጥሩ ያለው ሲሙ ላይ ነው፤ ሲሙ ሠርቶ ከደወለ ቁጥሩ ተዛውሯል ማለት ነው። ቀሪው የኔትወርክ መጨናነቅ ስለሆነ በሌላ አንቀጽ፣ በአገልግሎት ጥራት ሥር የሚታይ ይመስለኛል።

ሂሩት

በማዞሪያ ክፍል ውስጥ ለረጅም ዓመታት ስለሠራሁ በዚህ ላይ ጥቂት ማለት እችላለሁ። አቶ ግርማ፣ ቁጥሩ ሲሙ ላይ የለም። ኔትወርኩ ሲሙን የሚያውቀው ኦፕሬተሩ በሰጠው ሌላ መለያ ነው፤ ይህ መለያ እስከ 15 አሃዝ የሚደርስ ሲሆን መጀመሪያው አገሩንና ኦፕሬተሩን ያመለክታል። ሰዎች የሚደውሉበት ቁጥር ደግሞ በኦፕሬተሩ የደንበኞች መዝገብ ውስጥ ከዚያ መለያ ጎን የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ሲዛወሩ አዲስ ሲም የሚሰጥዎትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መለያው የድሮው ኦፕሬተር ንብረት ስለሆነ አብሮ አይሄድም፣ የሚሄደው ቁጥሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ሲዛወር ቢያንስ ሦስት ቦታ ላይ ሥራ አለ። ተቀባዩ ኦፕሬተር ቁጥሩን በራሱ መዝገብ ይጽፋል። ማዕከላዊው ዝርዝር ቁጥሩ ከእንግዲህ የማን እንደሆነ ይመዘግባል፤ ኦፕሬተሮቹም ሁሉ ከዚህ ዝርዝር የየራሳቸውን ቅጂ ያድሳሉ። ለቃቂው ኦፕሬተር ደግሞ ቁጥሩን ከራሱ መዝገብ ይሰርዛል። የወይዘሮ አስቴር አዲስ ሲም ለመደወል የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው። «ተጠናቋል» የሚለው መልእክትም የተላከው ያ ብቻ ሲያልቅ ይመስለኛል።

የተበላሸው የቱ እንደሆነ ከነገሩን ውስጥ ማንበብ ይቻላል። የሦስተኛው ኦፕሬተር ደንበኞች ያገኟቸው ስለነበር ማዕከላዊው ዝርዝር ተስተካክሏል፣ ሦስተኛው ኦፕሬተርም ቅጂውን አድሷል። ያልተሳካው ከድሮው ኔትወርክ የሚነሣው ጥሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቃቂው ቁጥሩን ከመዝገቡ አልሰረዘም ማለት ነው። ከራሱ ደንበኛ ጥሪ ሲመጣለት መጀመሪያ የራሱን መዝገብ ያያል፤ ቁጥሩን እዚያው ያገኘዋል፤ ከጎኑ ያለው የድሮ ሲም ግን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል፤ ስለዚህ «ስልኩ ጠፍቷል» ይላል። እንደ እርሱ መዝገብ ከሆነ እውነቱን ነው።

አስቴር

ሲሙን ሁለት ጊዜ ማስቀየሬ ከንቱ ነበር ማለት ነው?

ሂሩት

ከንቱ ነበር። ችግሩ ያለው እርስዎ ሊነኩት በማይችሉት የሌላ ኩባንያ መዝገብ ውስጥ ነበር። ያስቀየርዎት ሠራተኛ ከሦስቱም ኔትወርኮች አንድ አንድ ጥሪ አስደውሎ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይታወቅ ነበር። ከድሮው ብቻ ካልገባ ለቃቂው አልሰረዘም፤ ከሦስተኛው ብቻ ካልገባ የሦስተኛው ቅጂ አልታደሰም፤ ከየትም ካልገባ ግን መጀመሪያ ተቀባዩንና ማዕከላዊውን ዝርዝር መጠየቅ ይገባል።

መኮንን

ይቅርታ፣ እኔ አንቀጹን የተረዳሁት በሌላ መንገድ ነበር። ዝውውሩ በአንድ ቀን ይጠናቀቃል ሲባል ቀሪ ሂሳቤም፣ በስልኬ ያለው የሞባይል ገንዘብም፣ የተመዘገቡት ስሞችም አብረው ይሄዳሉ ማለት መስሎኝ እስካሁን ስደግፍ ነበር።

ሰሎሞን

አቶ መኮንን፣ አይሄዱም። ቀሪ ሂሳቡም ሆነ የሞባይል ገንዘቡ ከድሮው ኦፕሬተር ጋር የተገባ ውል ነው፤ ስለዚህ ከመዛወር በፊት መጠቀም ወይም ማውጣት ያስፈልጋል። ስሞቹ በስልኩ ላይ ከተቀመጡ አይጠፉም፤ በድሮው ሲም ላይ ብቻ ከተቀመጡ ግን አስቀድመው መገልበጥ አለባቸው። እርስዎ እንዲህ ከተረዱት ሌላውም እንዲሁ ሊረዳው ስለሚችል፣ ተቀባዩ ኦፕሬተር ከፊርማ በፊት ይህን በጽሑፍ እንዲያሳውቅ አንድ ዓረፍተ ነገር እጨምራለሁ።

ግርማ

ስለ ሲሙ የተነገረኝን ተቀብያለሁ። ሆኖም ሁሉም ኦፕሬተር ቅጂ ከሚያድስ ይልቅ፣ ቁጥሩ መጀመሪያ የተሰጠው ኦፕሬተር ጥሪውን ተቀብሎ ወደ አዲሱ ቢያስተላልፈው አይቀልም? ፖስታ ቤት ቤት ለቀየረ ሰው ደብዳቤ እንደሚያስተላልፈው ማለቴ ነው።

ሂሩት

ይህ መንገድ የሚሠራበት አገር አለ፤ እንግሊዝ የሞባይል ዝውውርን እ.ኤ.አ. በ1999 ስትጀምር የመረጠችው ይህንኑ ነው። ለመጀመር በእርግጥ ይቀልላል። ነገር ግን ወይዘሮ አስቴር በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ከድሮው ኔትወርክ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም ይጠፉ ነበር፤ ምክንያቱም ጥሪው ሁሉ የሚያልፈው ባልተሰረዘው መዝገብ በኩል ነው። ነገ ወደ አራተኛ ኦፕሬተር ቢዛወሩም ያ የመጀመሪያው ኦፕሬተር፣ ከእርሳቸው ሳንቲም ሳያገኝ፣ ዘላለም በመካከል ይቆማል። የእርሱ ማዞሪያ የወደቀ ቀን የተዛወሩት ቁጥሮች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሞባይል ስትፈቅድ የተከተለችው፣ ጥሪውን የሚልከው ወገን አስቀድሞ ዝርዝሩን ጠይቆ በቀጥታ ወደ ትክክለኛው ኔትወርክ የሚያደርስበትን መንገድ ነው። ወደ ኋላ እንድንመለስ መጠየቅ አይገባንም እላለሁ።

አስቴር

የባንኩ ኮድስ? እኔን ከጥሪው ይልቅ የጎዳኝ እርሱ ነው።

ሂሩት

በሁለት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ከእርስዎ ሁኔታ ብቻ ተነሥቼ የትኛው እንደሆነ መቁረጥ አልችልም። ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ኮዱን የሚልኩት መልእክት በጅምላ በሚያከፋፍል ሌላ ድርጅት በኩል ነው። ያ ድርጅት የቁጥሩን መነሻ አሃዞች አይቶ «ይህ የእገሌ ኦፕሬተር ነው» ብሎ ከላከ፣ ወይም ከቀናት በፊት ያስቀመጠውን መልስ ከተጠቀመ፣ መልእክቱ ወደ ለቃቂው ይሄዳል። ለቃቂው ቁጥሩን ሰርዞት ቢሆን ኖሮ መልእክቱን ወደ ተቀባዩ ሊያሳልፈው ወይም ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ስላልሰረዘ ግን ስልኩ እስኪበራ ብሎ ያቆየዋል፣ ጊዜው ሲያልፍም ይጥለዋል። ባንኩ ዘንድ «ተልኳል» የሚል ይታያል፣ እርስዎ ዘንድ ምንም የለም። ለወደፊቱ የሚለየው እንዲህ ነው፦ በድሮው ኔትወርክ ያለ ወዳጅ መልእክት ይላክልዎ። የእርሱ ካልደረሰ ጥፋቱ የለቃቂው ነው፤ የእርሱ ደርሶ የባንኩ ብቻ ከቀረ ግን አከፋፋዩ አሮጌ ቅጂ ይዟል።

ሰሎሞን

አከፋፋዮቹ በተቆጣጣሪው ሥር ስለመሆናቸው ስምምነት የለንም፤ ስለዚህ ግዴታውን በቀጥታ በእነርሱ ላይ ከመጻፍ ይልቅ፣ ኦፕሬተሮች የታደሰውን ዝርዝር ለአከፋፋዮች እንዲያደርሱ ብንጠይቅ የተሻለ ይመስለኛል።

ግርማ

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ፍጥነቱን እንዲህ ካጠበቅነው፣ ሌባ በሰው ስም ሲም አውጥቶ ቁጥሩን በአንድ ቀን ወስዶ የባንክ ኮዱን በራሱ ስልክ አይቀበልምን? ከመዛወሩ በፊት በድሮው ሲም ላይ ኮድ ይላክና ደንበኛው ያንን ለተቀባዩ ይስጥ የሚል ይግባ። በእንግሊዝ ከሐምሌ 2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደንበኛው ወደ 65075 መልእክት ልኮ ኮዱን ከድሮው ኦፕሬተር ያገኛል።

አስቴር

ስልኩ የተሰረቀበት ሰውስ? ያ ሰው ኮዱን በየት ይቀበላል? ደግሞም ለቃቂው ልንለቅቀው መሆኑን አስቀድሞ ካወቀ ቅናሽ እያለ ሲደውልልን ሊውል ነው።

ሂሩት

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ለዚህም ነው አገሮች በዚህ ላይ የተለያዩት። እኔ ኮዱን እደግፋለሁ፤ ኮዱን የሚልከው ግን ለቃቂው ሳይሆን ማዕከላዊው ዝርዝር ቢሆን እመርጣለሁ። የጠፋ ሲም ያለው ሰው አስቀድሞ ምትክ ያውጣ ማለት ደግሞ ሊለቅቀው ወደሚፈልገው ኩባንያ መልሶ ወረፋ ማስያዝ ስለሆነ አልወደድሁትም፤ የተሻለም አላገኘሁለትም።

ሰሎሞን

የማረጋገጫ ኮዱን ነገር ለሐሙስ ስብሰባ አሳድሬዋለሁ። አንቀጽ 3ን ግን እስካሁን በተባለው መሠረት እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ዝውውር ተጠናቀቀ የሚባለው አዲሱ ሲም ሥራ ሲጀምር ሳይሆን፣ ለቃቂው ኦፕሬተር ቁጥሩን ከደንበኞች መዝገቡ መሰረዙን ለማዕከላዊው ዝርዝር ሲያረጋግጥ፣ ሌሎች ኦፕሬተሮችም ቅጂያቸውን ማደሳቸውን ሲያሳውቁና ተቀባዩ ኦፕሬተር ከእያንዳንዱ ኔትወርክ አንድ የሙከራ ጥሪና አንድ የሙከራ መልእክት ተቀብሎ ውጤቱን ሲመዘግብ ነው። ለደንበኛው የማጠናቀቂያ መልእክት የሚላከው ከዚህ በኋላ ነው። የአንድ የሥራ ቀኑ ገደብም እስከዚህ ድረስ ይቆጠራል።»

ሂሩት

ከእያንዳንዱ ኔትወርክ የሙከራ ጥሪ ለእያንዳንዱ ዝውውር ማድረግ ብዙ ነው የሚሉ ይመጣሉ። ማሽን የሚያደርገው ስለሆነ አይከብድም፤ ነገር ግን ሊያስወጡት ከሞከሩ ቢያንስ ከለቃቂው ኔትወርክ የሚደረገውን እንዳንለቅ።

አስቴር

ጥሪው ሳይሳካ ቢቀር ለማን እንደምናመለክት አልተጻፈም። እኔ ስድስት ቀን ከአንዱ ወደ ሌላው ስባል ነበር የቆየሁት። አቤቱታውን ተቀባዩ ይቀበልና ከለቃቂው ጋር ራሱ ይጨርስ የሚል ይጨመርልኝ።

ሰሎሞን

ይጨመራል፤ ከሐሙስ በፊት ተቃውሞ ካለ ጻፉልኝ።