የእህቴ ሆድ ገፍቷል፤ በአልትራሳውንድ ግን ጽንስ አልታየም

ሐዋሳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የወር አበባዋ ከቀረ ወራት ተቆጥረዋል፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ከጡቷ ወተት ይፈሳል፣ ጽንሱም ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። ይሁን እንጂ የሽንት ምርመራው እርግዝና አላሳየም፤ በአልትራሳውንድም ማህፀኗ ባዶ ነው። ሐኪሙ ነገሩ ሐሰተኛ እርግዝና እንደሆነ፣ ምልክቶቹ ግን ማስመሰል እንዳልሆኑና ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሲበዛ ወተት እንደሚያመጣ፣ የወር አበባንም እንደሚያስቀር አስረድቶ ወደ አእምሮ ሐኪም ላካት። እርሷ ግን «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» ብላ እምቢ አለች፤ እናታችንም (ማን ደፍሮ ይንገራት?) ለአራስ ገንፎ የሚሆን እህል አስፈጭታለች።

የፕሮላክቲን መጠኗ በደም ሳይለካ፣ የታይሮይድና የፒቱታሪ ዕጢ ችግር አለመኖሩም ሳይረጋገጥ ወደ አእምሮ ሐኪም ብቻ መላኳ በቂ ነውን? ምርመራው በፊቷ ተደግሞ ሐኪሙ ምስሉን በእርጋታ ቢያስረዳትስ ይረዳት ይሆን ወይስ ይበልጥ ያስከፋታል? በሙያው ያላችሁ ወይም ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ብትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።