ሦስት አናጺ፣ ሦስት ዓይነት ዋጋ

ጎንደር አዘዞ ያለው ቤታችን ያፈሳል፤ ክረምት ሳይገባ የጣሪያውን ቆርቆሮ ልቀይር ነው። አንዱ አናጺ ዕቃውን ጨምሮ 185 ሺህ ብር አለኝ፤ ስጠይቀው ግን ቆርቆሮው ስሱ ባለ 32 ጌጅ ነው። ሌላው በባለ 28 ጌጅ 240 ሺህ ብሏል። ሦስተኛው የእጅ ዋጋ ብቻ፣ በካሬ 400 ብር። ወለሉን 80 ካሬ ብዬ አባዝቼ ርካሽ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚለካው የጣሪያው ተዳፋት ኖሯል፣ 96 ካሬ።

አሁን ለሦስቱም አንድ ዝርዝር ጽፌያለሁ፦ ባለ 28 ጌጅ፣ 96 ካሬ፣ አሮጌውን ማንሳት ጨምሮ። ያስቸገረኝ የበሰበሰው እንጨት ነው፤ ቆርቆሮው ሳይነሳ ብዛቱ አይታወቅም። ለሁሉም እኩል ግምት፣ ለምሳሌ 20 ሜትር፣ ሰጥቼ የአንዱን ሜትር ዋጋ ላስሞላ ወይስ እንጨቱን ከንጽጽሩ ላውጣው?