አንቴናው ገጠመ፣ ሲግናሉ ግን ወረደ

ጤና ይስጥልኝ። የ4ጂ ራውተሬ ሲግናል ደካማ ስለሆነ ከአሮጌ የዋይፋይ ራውተር አንቴና ፈትቼ አሰርኩበት። ጥርሱ ልክክ አለ። ሲግናሉ ግን ጭራሽ ከሁለት መስመር ወደ አንድ ወረደ።

ፈትቼ በስልክ መብራት ሳየው የራውተሩም የአንቴናውም መሃል ቀዳዳ ነው፤ መርፌ የለም! ለካ የ4ጂው የአንቴና መግጠሚያ ኤስኤምኤ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የዋይፋዩ ደግሞ መርፌና ቀዳዳው የተገለበጠበት አርፒ-ኤስኤምኤ። ውጪው ይጠብቃል እንጂ መሃሉ አይነካካም። በተቃራኒው ቢሆን ኖሮ መርፌ ለመርፌ ተጋጭቶ ይጣመም ነበር፤ ተርፌያለሁ።

አሁን ሱቅ ውስጥ በሁለቱም ጫፍ መርፌ ያለው ማገናኛ አግኝቻለሁ። ልግዛው? ወይስ አንቴናው ለ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ስለተሠራ በ1800 ሜጋኸርዝ 4ጂ ላይ ቢነካካም አይረባኝም? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።